ከፍለው ያልተቀበሉት ዕቃ

የዛሬው ጉዳዬ ዕቃ በኢንተርኔት አይቶ፣ በዋጋ ተስማምቶ፣ ብር ከላከ በኋላ ሻጩ የጠፋበት ሰው ነው። ከደጎሎ ሆኖ አዲስ አበባ ካለ የቴሌግራም ሻጭ ስልክ የሚያዝ ገዢ የሚያየው ፎቶ፣ ዋጋና የሂሳብ ቁጥር ብቻ ነው። ዕቃው ሲቀር «ባንኩ ብሬን ይመልስልኝ» ይላል። ብሩ መመለስ አለመመለሱን ግን በአብዛኛው የሚወስነው ብሩ የወጣበት መንገድ ነው፤ ያ መንገድ ደግሞ የሚመረጠው ከመክፈል በፊት ነው።

በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ ከሰው ወደ ሰው ስንልክ ትእዛዙን የምንሰጠው እኛው ነን፤ የምስጢር ቁጥሩን የምናስገባውም እኛው ነን። ባንኩ ትእዛዙን በትክክል ስለፈጸመ በራሱ ሥልጣን ከተቀባዩ ሂሳብ መልሶ አይወስድም። ብር አንዴ ከወጣ ማስመለሱ ምን ያህል እንደሚከብድ መጋቢት 2016 ላይ በግልጽ ታይቷል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለጥቂት ሰዓታት ሲበላሽ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ከ800 ሚሊዮን ብር የሚበልጥ ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉም። ባንኩ የእያንዳንዱን ሰው ስም እያወቀ እንኳ ብሩን እንዲመልሱ መለመን፣ ያልመለሱትንም ስማቸውንና ፎቷቸውን ይፋ ማድረግ ነበረበት። የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ለራሱ ገንዘብ ይህን ካደረገ፣ የአንድ ገዢ ብር በአንድ ስልክ ጥሪ ይመለሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

አሁን 14,000 ብር ለስልክ የላከ ሰው እንውሰድ። ሻጩ ማታ መልስ መስጠት ካቆመ ጠዋትን መጠበቅ የለበትም፤ ቴሌብር ከሆነ 127፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ይደውል። የግብይት ቁጥሩን (በንግድ ባንክ መልእክት FT ብሎ የሚጀምረውን) እና የተቀባዩን ቁጥር ይስጥ፤ ሂሳቡ እንዲታገድና አቤቱታው እንዲመዘገብ ይጠይቅ። እግድ የሚጠቅመው ብሩ እዚያው ሂሳብ ላይ ካለ ብቻ ነው፤ አታላይ ደግሞ ቶሎ ያወጣዋል ወይም ወደ ሌላ ሂሳብ ያሻግረዋል። ቀጥሎ ፖሊስ ዘንድ መሄድ ነው፤ አታላይነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ባንክ የደንበኛን መረጃ ለገዢው አሳልፎ አይሰጥም፤ ለሕጋዊ ትእዛዝ ግን ይሰጣል። አቤቱታውን ባንኩ ራሱ ቸል ካለ ወደ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ይቻላል።

ማስረጃ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቴሌግራም ላይ ሻጩ የተጻጻፋችሁትን ከእናንተም ስልክ ላይ ሊያጠፋው፣ የመለያ ስሙንም ሊቀይረው ይችላል። ስለዚህ ገና ሳይጠፋ መልእክቶቹን ወደ «Saved Messages» ማስተላለፍ ያዋጣል፤ ዋናው ቢሰረዝም የተላለፈው ቅጂ ይቀራል። ከመላክ በፊት ደግሞ በማረጋገጫው ገጽ ላይ የሚወጣውን የተቀባይ ስም አንብቡ። ቻናሉ የሱቅ ስም ይዞ ሂሳቡ የማይታወቅ ግለሰብ ከሆነ፣ ብሩ ወደ ማን እንደሚሄድ ሳይጣራ መላክ አይገባም።

«ቴሌብር ተቀባዩን ያውቀዋል፤ ታዲያ ለምን አይመልስም?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ትክክለኛ ቅሬታ ነው። ነገር ግን ገዢ ደውሎ ብቻ ብር የሚያስመልስ ቢሆን፣ ከመካነ ሰላም ማር ጭኖ የላከ ነጋዴም ማሩ ከደረሰ በኋላ ብሩ ሊነጠቅ ይችል ነበር። የጎደለው ዕቃው እስኪደርስ ብሩን ይዞ የሚቆይ ሦስተኛ ወገን ነው። አሊኤክስፕረስን የመሰሉ የገበያ መድረኮች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ዕቃው ካልደረሰ ገዢው በተወሰነለት ጊዜ ክርክር ይከፍታል። «ቅናሽ አደርግልሃለሁ፣ በቀጥታ ላክልኝ» የሚል ሻጭ ታዲያ ገዢውን የሚያስወጣው ከዚህ ጥበቃ ነው።

በውጭ ያሉ ልጆቻችን የተሻለ መንገድ አላቸው። በቪዛ ካርድ የከፈለ ሰው ዕቃ አልደረሰኝም ብሎ ካርዱን ለሰጠው ባንክ ማመልከት ይችላል፤ የተለመደው ገደብ 120 ቀን ነው። በፔይፓል ለዕቃ የተከፈለ 180 ቀን ይሰጣል፤ «ለወዳጅና ቤተሰብ» ተብሎ የተላከ ግን ጥበቃ የለውም። ለወላጆቹ ዕቃ የሚገዛ ልጅ ሻጩ የክፍያውን ዓይነት እንዲመርጥለት መፍቀድ የለበትም።

«እኛ ዘንድ ካርድም መድረክም የለም፣ ሻጩም ቅድሚያ ካልተከፈለው አይልክም» የሚልም አለ። ሻጩም መስጋቱ እውነት ነው፤ ክርክሩ ግን ሙሉ ክፍያ ወይም ምንም በሚል ማለቅ የለበትም። ዕቃው ወደ ወሎ የሚመጣው በመኪና ስለሆነ፣ የመላኪያውን ያህል ብቻ ቅድሚያ ከፍሎ፣ የመኪናውን ታርጋና የሹፌሩን ስልክ ተቀብሎ፣ ቀሪውን መናኸሪያ ላይ ዕቃው ተፈትሾ መክፈል ይቻላል። ሻጩ በግል ሂሳብ ፋንታ የነጋዴ መክፈያ ቁጥር ካለው በእሱ መክፈል ይሻላል፤ ብሩን በራሱ ባይመልስም ፖሊስ ከንግድ ምዝገባው ተነስቶ ሻጩን የሚፈልግበት አድራሻ ይኖረዋል።