በ10 ደቂቃ ውስጥ የመጣ «አልተመረጡም»

ቨርጂኒያ የምትኖር፣ በሂሳብ ሥራ 8 ዓመት ያገለገለች እህታችን ማታ 3 ሰዓት ላይ ለሥራ አመለከተች። በ10 ደቂቃ ውስጥ «አልተመረጡም» የሚል ኢሜይል ደረሳት። በዚያ ሰዓት ሲቪዋን ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም።

እንዲህ የፈጠነ መልስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሲቪው ሳይሆን ቅጹ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ናቸው፤ የሥራ ፈቃድ፣ የልምድ ዘመን፣ የመሳሰሉት። አንዱ መልስ ካልገጠመ ፕሮግራሙ ወዲያው ይጥላል። እህታችን የመለሰችውን መለስ ብላ ስታይ፣ «ወደፊት የአሠሪ ስፖንሰርነት ያስፈልግዎታል?» ለሚለው «አዎ» ብላለች፤ ግሪን ካርድ በእጇ እያለ!

መልሱ ከቆየስ? አንዳንድ መሥሪያ ቤት ኢሜይሉን ሆን ብሎ ስለሚያዘገይ፣ ያኔም ቅጹን እዩት። ከዚያ ፕሮግራሙ ሲቪውን እንዴት እንደሚያነበው ለማየት፣ ጽሑፉን በሙሉ ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። ሁለት ዓምድ ያለው ሲቪ ብዙ ጊዜ እዚህ ይጋለጣል፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ከቋንቋ ችሎታ ጋር ተደበላልቆ ይወጣል። ምንም ካልወጣ ፋይሉ ፎቶ ነው ማለት ነው። ሲቪውን ስትጭኑ ቅጹ ራሱን በተሳሳተ መረጃ ከሞላም ፕሮግራሙ ሲቪውን በትክክል አላነበበውም ማለት ነው።

ጽሑፉ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ቃላቱን ከማስታወቂያው ጋር አስተያዩ። ማስታወቂያው «አካውንትስ ፔየብል» እያለ እናንተ «የሂሳብ ሥራ» ብቻ ብላችሁ ከሆነ፣ በትክክል የሠራችሁትን በማስታወቂያው ቃል ጻፉት። ቀጣዩን ማመልከቻ ስትልኩ ደግሞ፣ አደራ፣ የሞላችሁትን ቅጽ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።