መልሱን የሚያነበው ሦስተኛው ሰው ነው



በቀድሞው የአገራችን ሙግት «በላ ልበልሃ» ሲባል፣ ተሟጋቹ ፊቱን ወደ ባላጋራው ቢያዞርም ባላጋራውን አሳምናለሁ ብሎ አልነበረም። የሚያሳምነው ዛፉ ሥር የተቀመጠውን ዳኛና ዙሪያውን የቆመውን ሰው ነበር። ዛሬ እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ምግብ ቤት የምናስተዳድር ሰዎች በየቀኑ የምንቆምበት ሸንጎ ስልክ ላይ ነው። አንድ እንግዳ ጉግል ወይም የልፕ ላይ አንድ ኮከብ ሰጥቶ ሲወቅሰን የምንጽፈው መልስ ለእሱ የተጻፈ ይመስላል። በእርግጥ የሚያነበው ግን ዓርብ ማታ የት ልብላ ብሎ ስልኩን የሚያገላብጠው ሰው ነው። ይህ ሰው በወቀሳው ብቻ አይፈርድብንም፤ ስንወቀስ ምን ዓይነት ሰዎች እንደምንሆን ያያል።

ነገሩ የገንዘብም ነው። የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤቱ ማይክል ሉካ በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በሲያትል ከተማ የልፕ ላይ የአንድ ኮከብ ጭማሪ የግል ምግብ ቤቶችን ገቢ ከ5 እስከ 9 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ጭማሪው የታየው በግል ቤቶች ላይ እንጂ በየከተማው ቅርንጫፍ ባላቸው ትልልቅ ቤቶች ላይ አልነበረም። እነሱን ሰው በስማቸው ያውቃቸዋል፤ እኛን ግን በኮከባችን ነው የሚያውቀን።

ከራሴ ገመና አንዱን ላውጣ። ከዓመታት በፊት ሥራ አስኪያጅ በነበርኩበት ቤት አንድ እንግዳ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ስድስት ሆነን ሄድን። ለምግቡ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ዳቦው የተበላሸ ይመስል ይኮመጥጣል። ሳይነግሩን 18 በመቶ ቲፕ ሒሳቡ ላይ ጨመሩብን። ዳግም አንመለስም።» ያነበብኩት ቤቱን ዘግተን፣ እግሬ ዝሎ፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነበር። ወዲያውኑ መልስ ጻፍኩ፦ «አንድ ሰዓት አልጠበቃችሁም። 18 በመቶው ሜኑው ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ የእናንተ ፋንታ ነው። እንጀራ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ስለ እንጀራ ባይጽፍ ጥሩ ነው።»

ደግነቱ ላክ የሚለውን ሳልነካ ተኛሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መልሱን በኋላ ማጥፋት ቢቻልም አንድ ሰው ፎቶ አንስቶ ካስቀረው ማን ይመልሰዋል? የመጀመሪያው ሕግ ከዚህ ይመጣል፦ በንዴት ሌሊት ጻፉ እንጂ አትላኩ። አንድ ሌሊት ይደር፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በላይ ግን አይቆይ።

በማግሥቱ ከመልሱ በፊት ምርመራ አደረግኩ። የማዘዣው ማሽን ትእዛዙ 8፡10 ገብቶ ምግቡ 9፡02 እንደ ወጣ አሳየኝ፤ 52 ደቂቃ ማለት ነው። አስተናጋጇን ለብቻዋ ጠርቼ፣ ወቀሳ ሳይሆን ጥያቄ አቀረብኩላት። ሦስት ትልልቅ ጠረጴዛዎች በአንድ ጊዜ እንደ ተቀመጡ፣ ስለ 18 በመቶውም በወከባ መንገር እንደ ረሳች ነገረችኝ። ያኔ ወቀሳው አንድ ሳይሆን ሦስት እንደሆነ ገባኝ። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ካለማወቅ የመጣ ነው። ሦስተኛው ግማሽ እውነት ነው፤ ተጽፏል፣ ግን አልተነገረም። ሦስቱን በአንድ ቃና መመለስ ነው ሌሊት ያሳሳተኝ።

የላክሁት መልስ በእንግሊዝኛ ነበር፤ በአማርኛ ሲሆን ይህን ይመስላል፦

«ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ ቅዳሜ ስላስጠበቅናችሁም ይቅርታ እንጠይቃለን። መዝገባችንን አይተን ምግባችሁ ከ50 ደቂቃ በላይ እንደ ቆየ አረጋግጠናል፤ ይህ ጥፋት የእኛ ነው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ወጥ ቤት አንድ ሰው ጨምረናል። ለስድስት ሰውና ከዚያ በላይ የምንጨምረው 18 በመቶ ሜኑው ላይ ቢጻፍም በቃል መንገር ነበረብን፤ አሁን ትእዛዝ ስንቀበል እንናገራለን። እንጀራችን የጤፍ ሊጥ ለሦስት ቀን ያህል ቦክቶ የሚጋገር ስለሆነ ኮምጠጥ ይላል፤ ለአዲስ እንግዳ ይህንን አስቀድመን ብናስረዳ ደግ ነበር። ሥራ አስኪያጁን በቤቱ ስልክ ቢያነጋግሩ ደስ ይለናል።»

እዚህ ውስጥ የሌለውን ልብ በሉ። «አንድ ሰዓት ሳይሆን 52 ደቂቃ ነው» የሚል ክርክር የለም፤ በስምንት ደቂቃ የረታ ሰው ሸንጎው ፊት ይሸነፋል። ትልልቅ ጠረጴዛዎች በአንዴ መጡብን የሚል ሰበብም የለም፤ ሦስተኛው ሰው ይህን ሲያነብ «ቅዳሜ ከሄድኩ እኔም እጠብቃለሁ» ነው የሚለው። የአስተናጋጇ ስም የለም፤ ጥፋቱን ቤቱ ይሸከማል እንጂ ሠራተኛ አሳልፎ አይሰጥም። እንግዳው ራሱ ያልጻፈው ነገርም የለም፤ ምን እንደ ጠጣ፣ ከማን ጋር እንደ መጣ መናገር የቤትን ምስጢር አደባባይ ማውጣት ነው። ስለ እንጀራው ደግሞ አላዋቂነቱን አልነካሁም፤ ሌላውም አንባቢ እንጀራ ቀምሶ አያውቅ ይሆናል፤ እሱን ስሰድብ ያንንም መስደቤ ነው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት አንድ ነገር አለ። «ነጻ እራት እንጋብዝዎ፣ ኮከቡን ያንሱልን» ማለት ደግነት ይመስላል፤ ግን ጉግል ግምገማ ለማስለወጥ ወይም ለማስነሳት ጥቅም መስጠትን ይከለክላል። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽኑ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ደንብም የሐሰት ግምገማ መግዛትን፣ እንግዳን በማስፈራራት ወቀሳ ማስነሳትንም ይቀጣል። ዘመድ አሰባስቦ አምስት ኮከብ ማስጻፍ የባህላችን መተጋገዝ ቢመስለንም እዚያው ውስጥ ይገባል። ካሳ ልትሰጡ ከፈለጋችሁ በስልክ ስጡ፤ ለወቀሳው ዋጋ አድርጋችሁ ግን አታቅርቡት።

ይህ መንገድ የማይሠራባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ጨርሶ ያልመጣ ሰው የጻፈው የሚመስል ወቀሳ ነው። መዝገብ አገላብጣችሁ ካጣችሁት ለጉግል አመልክቱ፤ ከሥሩ ግን «ይህን ጉብኝት በመዝገባችን አላገኘነውም፤ እባክዎ ይደውሉልን» ብቻ ጻፉ። ውሸታም አትበሉ፤ ምናልባት የተሳሳታችሁት እናንተ ናችሁ። ሁለተኛው «ምግባችሁ አሳመመኝ» የሚለው ነው። በአደባባይ አትመኑ፣ አትካዱም፤ ጤንነቱ እንደሚያሳስባችሁ ተናግራችሁ ስልክ ስጡት፤ ከዚያ የዕለቱን ምግብ መዝግባችሁ ለመድን ድርጅታችሁ አሳውቁ።

ያ ስለ እንጀራው የጻፈው እንግዳ መልስ አልሰጠም፣ ኮከቡንም አላነሳም። ከወራት በኋላ ግን አንዲት አሜሪካዊት ሴት ገብታ ሜኑ ሳትከፍት «ሦስት ቀን የሚቦካው ኮምጣጣ ዳቦ የእናንተ ነው?» ብላ ጠየቀች። በያይነቱ አዘዘች። ስልኳ ላይ ያነበበችውን አልጠየቅኋትም፤ አስተናጋጇ ግን ትእዛዝ ስትቀበል ስለ 18 በመቶው ልትነግራት ስትጀምር፣ «ብቻዬን ነኝ፣ እኔን አይመለከተኝም፤ አንብቤዋለሁ» አለቻት።