«ታደርሱልኛላችሁ?»

አቅራቢ፦ የዛሬው ወሬያችን ሽያጭ ለጀመራችሁ ነው።

የፍሪጅ መደብር ውስጥ ናችሁ እንበል። አንዲት እናት ገብተው «ስንት ነው?» አሉ። ይህ ገና የመግዛት ምልክት አይደለም፤ ዋጋ መንገደኛም ይጠይቃል። ቆየት ብለው በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ወርዱን በስንዝር ለኩ። ከዚያ «አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ታደርሱልኛላችሁ?» አሉ። እዚህ ላይ ጆሯችሁ ይቁም። ፍሪጁን በሐሳባቸው ቤታቸው አስገብተውታል።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚሁ ነው፤ ስለ ሞተሩ ማብራራቱን ይቀጥላል። መጀመሪያ የተጠየቃችሁትን መልሱ፦ «አዎ፣ እናደርሳለን፤ ፎቅ የማውጫው ሒሳብ ግን ለብቻው ነው።» ቀጥሎ «እንግዲህ ይህኛው ይሁንልዎ?» ብላችሁ ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ቢሆንም ሳይጠየቅ ቅናሽ እየጨመራችሁ አትሙሉት።

«ልጄን ላማክር» ካሉ፣ «ነገ ዋጋው ይጨምራል» ብላችሁ አታስፈራሩ። «ያሳሰበዎት ዋጋው ነው ወይስ መጠኑ?» ብላችሁ አንዴ ብቻ ጠይቁ። «ዞሬ እመጣለሁ» ካሉ ግን ትርጉሙን የመርካቶ ሰው ያውቀዋል፤ ዋጋውንና ስልካችሁን ጽፋችሁ ስጧቸውና በሰላም ሸኟቸው።