ባሕር ማዶ ያለችው ልጃችን ኮረሪማ ከየት ትግዛ?

የዛሬው ወሬያችን ከአንዲት አባላችን የብድር ጥያቄ የተነሳ ነው። በእሷ ፈቃድ እንናገረዋለን።

ልጇ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከተማ ትኖራለች። ለልጇ ክርስትና ድግስ አሥራ አምስት ኪሎ የጤፍ ዱቄት፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙድ፣ አብሽ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ የተነጠረ ቅቤና የኤሌክትሪክ ምጣድ ላኩልኝ አለች። እናት ለመላኪያው ከቁጠባችን ልትበደር መጣች። እኛም ሒሳብ የምንይዘው፣ ከመፈረማችን በፊት ዝርዝሩን ይዘን ከልጅቷ ጋር በስልክ ተቀመጥን። ላኪ የሚያስከፍለው በኪሎ ስለሆነ ከከባዱ ጀመርን።

ከባዱ ጤፍ ነው። መንግሥት ጤፍና ዱቄቱ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ በ1998 ዓ.ም. ከልክሎ ነበር፤ በኋላ የዱቄቱ ነገር በተወሰነ መልኩ ላላ። በአሜሪካ ግን አይዳሆ በሚባለው ግዛት ዌይን ካርልሰን የተባለ ሰው ከብዙ ዓመታት በፊት ጤፍ መዝራት ጀምሯል። እዚያ የሚመረተው «መስከል» በሚል ስም በከረጢት ይሸጣል፤ ነጩም ቀዩም አለ። ስለዚህ ልጅቷ ስልኳ ላይ Ethiopian market ብላ ከከተማዋ ስም ጋር እንድትፈልግ፣ ከመሄዷም በፊት ደውላ እንድትጠይቅ ነገርናት። የምትጠይቀው «ጤፍ አለ ወይ?» ብላ ሳይሆን «ጤፍ ብቻ ነው ወይስ ድብልቅ?» ብላ ነው። በአሜሪካ በከረጢቱ ላይ የሚጻፈው የይዘት ዝርዝር ከሚበዛው ይጀምራል። ስንዴ ወይም ገብስ ቀድሞ ከተጻፈ የጤፉ መጠን ከዚያ ያነሰ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ቅመሙ ነው። ሐበሻ ሱቅ ቢርቃት እንኳ የሕንዶች ሱቅ አይጠፋም። እዚያ ጥቁር አዝሙድን ካሎንጂ፣ ነጭ አዝሙድን አጅዋይን፣ አብሽን ሜቲ ይሉታል። እነዚህን ሦስቱን ከዚያው ትግዛ ብለን ከዝርዝሩ ሰረዝን።

ችግሩ ኮረሪማ ላይ ነው። ኮረሪማ ብላ ብትጠይቅ ወይ አረንጓዴውን ሄል፣ ወይ ትልቁን የሕንድ ጥቁር ሄል ይሰጧታል። ሁለቱም ዘመዶቹ ናቸው እንጂ እሱ አይደሉም። የሕንዱ ጥቁር ሄል በእሳት ጭስ ስለሚደርቅ ሲያሸቱት ጭስ ጭስ ይላል፤ ወጥ ውስጥ ሲገባ ጣዕሙን ይለውጣል። ኮሰረትም በሕንዶች ሱቅ አይገኝም። ሁለቱ የሚገኙት ሐበሻ ሱቅ ነው። ተፈጭቶ የታሸገ ኮረሪማ ምን እንደተቀላቀለበት በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ያልተፈለፈለውን ብትገዛ ይሻላል። ከእኛ የሚሄደውም ቢሆን ከነቅርፊቱ፣ በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። ስናወዛውዘው ፍሬው ውስጡ ካልተንኳኳ እርጥበት አለው፤ መንገድ ላይ ይሻግታል።

ቅቤውን እንተወው አልን። ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ አባላችን የላከችው ቅቤ አየር ማረፊያ ላይ ተወስዶባታል፤ የወተትና የሥጋ ውጤት ላይ ቁጥጥሩ ጠንካራ ነው። ልጅቷ ጨው የሌለበት ቅቤ ከዚያው ገዝታ በኮሰረት፣ በኮረሪማና በአብሽ ታንጥረው። ዕቃውን ይዞ የሚገባ ሰው ደግሞ የያዘውን ምግብ ሁሉ ያስታውቅ፤ የሚያስቀጣው መደበቅ ነው።

ምጣዱ የመጨረሻው ነው። የእኛ ምጣድ የተሠራው ለ220 ቮልት ነው፣ የአሜሪካ ቤት መሰኪያ 120 ነው። ቮልቱ ወደ ግማሽ ሲወርድ ሙቀቱ ግማሽ አይሆንም፤ ወደ ሲሶ ነው የሚወርደው። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ይጣበቃል። ስለዚህ ብዙ ሐበሾች እዚያ የሚጠቀሙት ኖርዌጂያኖች ሌፍሴ የሚሉትን ቂጣ የሚጋግሩበትን የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ስፋቱ 16 ኢንች፣ ማለትም ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ እንጀራው ከእኛው ያንሳል፤ ክዳንም ለብቻው መፈለግ አለበት። ልጅቷ ስልክ ላይ Lefse grill ብላ አገኘችው። አውሮፓ ያሉ ልጆቻችን ግን ቮልታቸው ከእኛ ጋር ስለሚቀራረብ ይህ ችግር የለባቸውም፤ እነሱ ማረጋገጥ ያለባቸው መሰኪያውና የቤቱ መስመር የምጣዱን ኃይል መቻሉን ነው።

በመጨረሻ ዝርዝሩ ላይ የቀረው አንድ ኪሎ የቦንጋ ኮረሪማና ግማሽ ኪሎ የደረቀ ኮሰረት ብቻ ሆነ። እናትየው አንዲት ጀበና በጋቢ ጠቅልላ ጨመረችበት። ወደ አሜሪካ በሚሄድ ዘመድ እጅ ተላከ፤ ብድሩም አላስፈለገም። የብድር ቅጹ ሳይፈረም ፋይላችን ውስጥ አለ።

እህቶቻችን፣ ልጅ «ላኩልኝ» ስትል እናት እምቢ ማለት እንደማይሆንላት እናውቃለን። ከመበደራችሁ በፊት ግን ዝርዝሩን ይዛችሁ ወደ ሒሳብ ክፍል ብቅ በሉ፤ አብረን እንሰርዛለን።