ደብተር፣ የስልክ ካላንደር ወይስ ኤክሴል? ለጀማሪ የቀን ዕቅድ የቱ ይሻላል?

(በምሩቃን ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



የዝግጅቱ ኮሚቴ ውስጥ ያሉ የክፍል ጓደኞቼ «እባክሽ ስለ በሽታ አታውሪብን» ስላሉኝ ዛሬ የማወራው ስለ ቀን ዕቅድ ነው። ይሁንና የምጀምረው ከአንዲት ታካሚ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ኢንተርን ሳለሁ በጋውኔ ኪስ ትንሽ ደብተር ነበረችኝ። አንድ ማክሰኞ ቀን አንገታቸው ላይ እብጠት የነበራቸው እናት ናሙና ተወሰደላቸው። እኔም በደብተሬ «የባዮፕሲ ውጤት ጠይቂ» ብዬ ጻፍኩ። ረቡዕ ገጹን ገለጥኩት፣ ሐሙስም ሌላ ገጽ መጣ። ያቺ መስመር ከኋላ ቀረች። ውጤቱን ያነሳሁት ከ23 ቀን በኋላ፣ እናትዬዋ ራሳቸው ከገጠር ተመልሰው መጥተው «ልጄ፣ ምን ተገኘ?» ሲሉኝ ነው። የእጢ ቲቢ ነበር። መድኃኒቱን ጀምረው ዳኑ፤ ነገር ግን ውጤቱ ላቦራቶሪ ተቀምጦ ሳለ ሳምንታት ያለ መድኃኒት አልፈዋል።

ለዓመታት ጥፋቱን የራሴ መርሳት አድርጌ ነው የቆጠርኩት። መርሳቱ አልቀረም። በኋላ የተረዳሁት ግን ነገሩን የጻፍኩት ያለ ቦታው መሆኑን ነው። ደብተር የሚያሳየው የተከፈተውን ገጽ ብቻ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚፈለግን ነገር በዛሬ ገጽ ላይ መጻፍ እንደመቅበር ነው።

ሦስቱ ዕቃዎች የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ደብተር «ዛሬ ምን ልሥራ?» ለሚለው ይሆናል። የስልክ ካላንደር «በስንት ሰዓት?» ለሚለው ነው፤ ከሦስቱ የሚጮኸው እሱ ብቻ ነው። ኤክሴል ደግሞ «የትኞቹ ጉዳዮች እስካሁን አልተዘጉም?» ለሚለው ነው፤ ቀናቸው የተለያየ ብዙ ጉዳዮችን በአንድ ዓይን ያሳያል። ጀማሪ ሰው ታዲያ ከየትኛው ይነሳ? ሦስቱንም ባንድ ቀን የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንቱ ሦስቱንም ይተዋል። የእኔ መልስ በደብተር ለ14 ቀን ይጀመር፣ ሁለተኛውን ዕቃ ስህተቱ ራሱ ይመርጣል የሚል ነው።

አሠራሩ ይኸው። ለአንድ ቀን አንድ ገጽ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ወይም ጠዋት ከቤት ሳትወጡ ከአምስት ያልበለጡ ሥራዎችን ጻፉ። የተሠራውን ሰርዙ። ያልተሠራውን ግን ለነገ በእጃችሁ ገልብጡት። መገልበጡ ያሰለቻል፤ ጥቅሙም እሱ ነው፣ ለሦስተኛ ጊዜ የምትገለብጡት ነገር ራሱን ያጋልጣል። ከዚያ ባልተሠራው አጠገብ ከሦስት ፊደል አንዷን አድርጉ። ሰዓቱ አልፎ ከቀረ «ሰ»። በተገለጠ ገጽ ተረስቶ ዘግይቶ ከተገኘ «ገ»። ሳይረሳ፣ እየታወቀ፣ ሦስት ጊዜ ከተገለበጠ «ተ»፣ ማለትም ተንከባለለ።

በ14ኛው ቀን ፊደሎቹን ቁጠሩ። «ሰ» ከበዛ የስልክ ካላንደር ጨምሩ። «ገ» ከበዛ ኤክሴል ያስፈልጋችኋል። «ተ» ከበዛ ምንም ዕቃ አይፈውሰውም፤ ችግሩ ያለው የጻፋችሁት ዝርዝር ላይ ነው።

ይህን የሞከረችውን አንዲት ታናሽ የሥራ ባልደረባዬን ላንሳ። ጠቅላላ ሐኪም ናት። «ዶክተር፣ የትኛውን አፕ ልጫን?» ብላ መጣች። አይ፣ መጀመሪያ ደብተር ግዢ አልኳት። በ14 ቀን 71 ነገር ጻፈች፤ 52ቱን ሠራች። ከቀሩት 19 ውስጥ አራቱ «ሰ»፣ ሦስቱ «ገ»፣ አሥራ ሁለቱ «ተ» ሆኑ። አፕ ፍለጋ የመጣችው ልጅ ትልቁ ችግሯ አፕ የማይነካው ሆኖ አረፈ።

አሥራ ሁለቱን አብረን አየናቸው። ሰባቱ የተጻፉት ከተረኝነት አዳር ማግስት ባለው ቀን ነው። ሌሊቱን ቆማ አድራ ለማግስቱ አምስት ሥራ ትጽፋለች፤ እንዴት ይሠራል? አምስቱ ደግሞ «ለስፔሻሊቲ ፈተና ማንበብ» የሚለው አንድ መስመር በተለያየ ቀን እንደገና እየተጻፈ ነው። ማንበብ መቼ እንዳለቀ አይታወቅም፣ ስለዚህ አይሰረዝም። ሁለት ነገር ቀየረች። የተረኝነት ቀኖቿን ቀድማ በደብተሩ ምልክት አደረገች፣ በማግስቱም ከሁለት ነገር በላይ መጻፍ ተወች። «ማንበብ» የሚለውንም «ከገጽ 40 እስከ 55» አለችው። ለዚህ ምንም አልተጫነም።

አሁን ወደ አራቱ «ሰ» እንምጣ፤ እዚህ ላይ ስልክ ግድ ነው። የሚገርመው ግን ከአራቱ አንዱን ቀድሞውኑ ስልኳ ላይ ሞልታው ነበር። ስብሰባው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። 8:00 ብላ ጻፈች። ስልኩም በታማኝነት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ጮኸ፣ ራውንድ ሊጀመር ሲል። ድምፁን አጠፋችው፣ ስብሰባውም አለፈ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህ ያልደረሰበት ካለ እጁን ያውጣ! (ሳቅ)

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስልኩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት። ለቀን ሰዓት ስድስት ደምሩ፤ ከቀኑ 8 ማለት 14:00 ነው። ለምሽት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት አሥራ ስምንት ደምሩ፤ ከምሽቱ 2 ማለት 20:00 ነው። በርዕሱም ላይ በእኛ አቆጣጠር «ስብሰባ፣ 8 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ ሁለቱ ካልገጠሙ ዓይናችሁ ቶሎ ይይዘዋል። ማስታወሻውን ደግሞ ሁለት ጊዜ እንዲጮህ አድርጉ፣ አንዱ ለመዘጋጀት ከዋዜማው፣ ሌላው ለመነሳት ከግማሽ ሰዓት በፊት።

በወር አንዴ ለሚመጣ ነገርም ጥንቃቄ ያሻል። ዕድራችሁ ወር በገባ በ12 የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ስልኩ «በየወሩ» ሲባል የፈረንጁን ወር ነው የሚከተለው፣ ቀኑም ይንሸራተታል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ «በየ30 ቀኑ» በሉት፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ልክ ይሄዳል። ጳጉሜን በ5 ወይም በ6 ቀኗ ታፈርሰዋለች፣ ስለዚህ በየመስከረሙ አንዴ ማስተካከል ነው።

ሦስቱ «ገ»ስ? ለሦስት ጉዳይ ኤክሴል አያስፈልግም። ከደብተሩ መጨረሻ አንድ ገጽ «የምጠብቃቸው» ብላ ለየች፣ በየሰኞው ታየዋለች፣ በቃ። እኔ ግን በሥራዬ ባንድ ጊዜ ሠላሳ አርባ ክትትል ይኖረኛል፤ ያ በደብተር አይያዝም። እንደ ልምዴ ቀናቸው የተለያየ ክፍት ጉዳዮች ከአሥር ሲያልፉ ወደ ሰንጠረዥ መሄድ ይሻላል።

የእኔ ሰንጠረዥ አራት ዓምድ ብቻ ነው፤ የፈረንጅ ቀን፣ የኛ ቀን፣ ጉዳዩ፣ የቀረው ቀን። ቀኑን ለምን ሁለቴ? ምክንያቱም ኤክሴል የእኛን ቀን አያውቅም። ጥቅምት 30 ቀንን 30/2/2017 ብትሉት፣ በፈረንጁ የካቲት 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል። ኅዳር 5ን 5/3/2017 ብትሉት ደግሞ ሌላ ዓመት፣ ሌላ ወር አድርጎ ይቀበለዋል። ከዚያ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር ጥቅምት ከኅዳር በታች ይወርዳል። ምልክቱን ልንገራችሁ። አሰላለፉን ካልነካችሁት፣ ቀን ነው ብሎ የተቀበለው በሳጥኑ ቀኝ በኩል ይቆማል፣ ጽሑፍ ያደረገው በግራ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓምድ የፈረንጁን ቀን፣ ለኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. 2024-11-14፣ ትጽፋላችሁ፤ በሁለተኛው «ኅዳር 5» ለዓይናችሁ። በአራተኛው ይህችን ታስገባላችሁ፦

```
=A2-TODAY()
```

ስንት ቀን እንደቀረ ትነግራችኋለች፤ ካለፈ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይሆናል። በቁጥር ፋንታ ቀን ወይም የ# ምልክት ድርድር ካሳያችሁ፣ የሳጥኑን ፎርማት General አድርጉት። የተዘጋ ጉዳይ ወደ ሌላ ገጽ ይወሰድ፤ አለዚያ ሰንጠረዡ በሞቱ ጉዳዮች ይሞላና ማየት ያስጠላል።

ኤክሴልም እንደ ደብተር ዝም ያለ ነገር መሆኑን አትርሱ። ካልተከፈተ የለም። ስለዚህ ስልኬ ላይ በየሰኞው 7:30 ማለትም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል «ሰንጠረዡን ክፈቺ» የሚል ማስታወሻ አለኝ።

ለሐኪሞች አንድ ነገር ልጨምር። ደብተር ታክሲ ውስጥ ይረሳል፣ ስልክ በልጆች እጅ ይገባል። የታካሚ ስምና ምርመራ በሁለቱም ላይ አይጻፍ። «አልጋ 7፣ ውጤት» ይበቃል፣ ቀሪው ካርዱ ላይ አለ። የክትትል ሰንጠረዡም በግል ላፕቶፕ ሳይሆን የይለፍ ቃል ባለው የክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ።

ያቺ ደብተሬ ዛሬም አለችኝ። የማክሰኞዋን ገጽ አንዳንዴ አየዋለሁ። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፣ ቀኑም አለበት፤ በዚያ ቀን የቻልኩትን ያህል በጥንቃቄ ጽፌዋለሁ። የጎደለው ከገጹ ውጭ ያለ አንድ ቦታ ነበር። አሁን ናሙና በተወሰደ ቁጥር ጉዳዩ ሰንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ያገኛል፣ ውጤቱ ታካሚው ጆሮ እስኪደርስም ከዚያ አይነሳም።

ሻይ እንደቀረበ በምልክት እየነገሩኝ ነው፤ ይህን እንኳ ያለ ካላንደር አልረሳውም።