ቤት ተቀምጦ ለውጭ አገር ኩባንያ መሥራት፦ ከመፈረም በፊት ምን እንመልከት?

(ከዚህ በታች የሰፈረው በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር ነው። በሥራም ሆነ በሌላ ምክንያት መገኘት ያልቻላችሁ እንድታነቡት በሰሌዳው ላይ ለጥፈነዋል።)



ባለፈው ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ልጄ ሌሊት ሌሊት ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጣ ለአሜሪካ ኩባንያ እሠራለሁ ትለኛለች። ደመወዙ ከየት ይመጣል? ቢከለክሏትስ ማንን ትከሳለች?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ስለነበረ ልጅቱን ራሷን አነጋግረን፣ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ሌሎች የሰፈራችንን ልጆችም ጨምረን የተረዳነውን ዛሬ እናቀርባለን። ልጅቱ በፈቃደኝነት የውል ወረቀቷን ሳይቀር አሳይታናለች። ስሟን ግን አንጠራም።

ሥራዋ በኢሜይል የሚመጣ የደንበኞችን ጥያቄ መመለስ ነው። መጀመሪያ ላይ ታደርገው የነበረው ፍሪላንስ የሚባለውን ነው፤ ማለትም አፕወርክ በተባለው ድረ ገጽ ላይ እየተጫረተች ከብዙ ደንበኞች ቁርጥራጭ ሥራ ትቀበል ነበር። በሰዓት 8 ዶላር ይከፈላታል። በኋላ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ «በሳምንት 40 ሰዓት ሥሪልን፣ በወር 900 ዶላር እንክፈልሽ» አላት። እሷም 900ን ለ160 ሰዓት ብታካፍለው በሰዓት 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም ገደማ ስለሆነባት፣ «ይኼማ ከፊተኛው ያነሰ ነው» ብላ ልትተወው ነበር።

ታዲያ አባቷ፣ «ቆይ እስቲ፣ ለ40 ሰዓት ተቀምጠሽ የሚከፈልሽ የስንቱ ነው?» ብለው ጠየቋት። ቁጭ ብለው ሲያሰሉት፣ በሳምንት ከምትቀመጥበት 40 ሰዓት ውስጥ የሚከፈላት የ22ቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው 18 ሰዓት ሥራ በመፈለግ፣ ማመልከቻ በመጻፍና ደንበኛ በመጠበቅ ያልፋል። 22 ሰዓት በ8 ዶላር 176 ዶላር ነው። ድረ ገጹ በእሷ ውል ላይ 10 በመቶ ይቆርጣል፤ ይህ ተቀንሶ በሳምንት 158 ዶላር ከ40 ሳንቲም፣ በአራት ሳምንት 634 ዶላር ገደማ ይቀራል። ለ160 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 4 ዶላር እንኳ አይሞላም። (የአፕወርክ ቆረጣ ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንደ ውሉ ከ0 እስከ 15 በመቶ ስለሚለያይ፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን አይቶ ማስላት አለበት።) እንግዲህ ሁለቱን ስናወዳድር የሰዓቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ያልተከፈለበትንም ሰዓት መቁጠር ያስፈልጋል ማለት ነው።

ነገር ግን ፍሪላንሱ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። በቁርጥ ዋጋ የሚሠራ ሥራ ከሆነ፣ ደንበኛው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ገንዘቡን በድረ ገጹ ዘንድ በአደራ ያስቀምጣል። ሥራው ተሠርቶ ሲቀርብ ደንበኛው ዝም ቢል እንኳ ከ14 ቀን በኋላ ገንዘቡ ለሠራተኛው ይለቀቃል። ከኩባንያ ጋር በቀጥታ በሚደረግ ውል ግን በመካከል የቆመ ባለአደራ የለም። ያለው የተፈረመው ወረቀት ብቻ ነው።

የወረቀቱን ነገር ከማንሣታችን በፊት ስለ ሥራ ፍለጋው አንድ ነገር እናስታውስ። ማስታወቂያ ላይ «Remote» የሚል ቃል ስላየን ብቻ ለእኛ የተጻፈ እንዳይመስለን። አጠገቡ «US only» ካለ አሜሪካ ውስጥ ለሚኖር ነው፤ ማመልከት ጊዜ ማጥፋት ነው። «Worldwide» ካለ ለሁሉም ክፍት ነው። «EMEA» ካለ ደግሞ ለአውሮፓ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለአፍሪካ ሲሆን፣ ሰዓቱም ለእኛ ይቀርባል። ሥራ ለመስጠት አስቀድሞ የመመዝገቢያ፣ የሥልጠና ወይም የዕቃ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ አታላይ ነው። እውነተኛ አሠሪ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ልጃችን የመጀመሪያውን ዕድል ያጣችው በሰዓት ነው። ለሌላ ኩባንያ በመጋቢት መጀመሪያ ላይ በዋለ አንድ ሰኞ፣ በኒው ዮርክ ከጧቱ 10 ሰዓት ላይ ለቃለ መጠይቅ ተቀጥራ ነበር። ኒው ዮርክ ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ እንደሆነች ታውቃለች። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት ነው ብላ ተዘጋጅታ ከፈተችው። ሰዎቹ ግን ከአንድ ሰዓት በፊት መጥተው፣ ጠብቀው ሄደዋል። ለካ እሑድ ዕለት አሜሪካኖች ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፍተው ኖሯል! ልዩነቱ ከ8 ወደ 7 ወርዶ ነበር።

እኛ ዓመቱን ሙሉ ሰዓታችንን አንነካም፤ እነሱ ግን ይቀይራሉ። አሜሪካኖች በእነሱ መጋቢት ሁለተኛ እሑድ፣ ማለት በእኛ ከየካቲት ማብቂያ እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ወደፊት ይገፋሉ፤ በእነሱ ኅዳር የመጀመሪያ እሑድ፣ በእኛ ጥቅምት ማብቂያ ላይ ይመልሱታል። ስለዚህ ኒው ዮርክ በበጋችን 8፣ በክረምታችን 7 ሰዓት ወደኋላ ናት። በርሊን ደግሞ በበጋችን 2፣ በክረምታችን 1 ሰዓት ብቻ ወደኋላ ናት፤ አውሮፓውያኑ የሚቀይሩትም በሌላ እሑድ ነው። በዚህ ላይ የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ስላለ፣ «3 ሰዓት» ስንል እነሱ ሌላ ይረዳሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ቀጠሮ ሲሰጥ የከተማውን ስም ጠይቆ፣ በጽሑፍ «በኒው ዮርክ ይህን ያህል፣ በአዲስ አበባ ይህን ያህል» ብሎ መልሶ ማረጋገጥ። ልጃችን አሁን ሁልጊዜ እንደዚህ ታደርጋለች።

ኩባንያው መጀመሪያ የጠየቃት በእነሱ ከጧቱ 9 እስከ ከሰዓት በኋላ 5 እንድትሠራ ነበር። ይህም ለእኛ በበጋ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። እናቷ ስለ ጤንነቷ ተጨነቁ፤ እውነታቸውን ነው። እሷም ዝም ብላ እሺም እምቢም አላለችም። «ከቡድኑ ጋር አብሬ መገኘት የሚገባኝ ለስንት ሰዓት ነው?» ብላ ጠየቀች። አራት ሰዓት ይበቃል አሏት። ስለዚህ በውሉ ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ በኒው ዮርክ ከጧቱ 9 እስከ ቀኑ 1 ሰዓት ትገኛለች፤ የቀረውን አራት ሰዓት በፈቀደችው ጊዜ ትሠራለች። አሁን ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምራ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ትጨርሳለች። ክረምት ሲሆን ደግሞ አንድ ሰዓት ቀድማ ጀምራ አንድ ሰዓት ቀድማ ትነሣለች።

አሁን ዋናው፣ ውሉ ነው። በመጀመሪያ የሚታየው «ሠራተኛ» ነው ወይስ «ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር»፣ ማለት ራሱን የቻለ ሥራ ተቋራጭ ነው የሚለው ነው። ሠራተኛ ለመሆን አሠሪው ወይም እሱን የሚወክል ድርጅት በአገራችን ሕግ መሠረት መቅጠር አለበት። ያን ጊዜ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ይሸፍነዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ፣ ለጡረታም አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ። ለልጃችን የተሰጣት ግን ሁለተኛው ነው። በዚህ ዓይነቱ ውል ፈቃድም፣ ጡረታም፣ የስንብት ክፍያም የለም። ግብሩንም የምታስታውቀው ራሷ ናት፤ ገንዘቡ ከውጭ መጣ ተብሎ ከግብር ነጻ አይሆንም። እንግዲህ 900 ዶላሩ ሁሉ ለወጪ አይደለም፤ ለዕረፍትም፣ ለሕመምም፣ ለእርጅናም የሚቀመጠው ከዚያው ላይ ነው።

የአሜሪካ ኩባንያ ከሆነ W-8BEN የተባለ ቅጽ ያስፈርማል። ብዙ ልጆች ይህን ሲያዩ ይደነግጣሉ። ቅጹ ፈራሚው አሜሪካዊ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ሲሆን የሚቀመጠውም በኩባንያው ዘንድ ነው። እዚሁ ተቀምጠን ለሠራነው ሥራ የአሜሪካ ግብር እንዳይቆረጥ ስለሚረዳ፣ በእውነት ከተሞላ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ሁለተኛው የክፍያ ቀን ነው። ልብ ብለን እናዳምጠው፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። የመጀመሪያው ረቂቅ «የክፍያ መጠየቂያ በወሩ መጨረሻ ይቀርባል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይከፈላል» ይል ነበር። ይህ ማለት የመጀመሪያው ገንዘብ የሚደርሰው ሥራ በተጀመረ በ60ኛው ቀን ነው። በዚያን ዕለት ኩባንያው ዝም ቢል የሁለት ወር ድካም፣ 1,800 ዶላር፣ ቀረ ማለት ነው። ይህ በሰፈራችን ደርሷል። አንድ የትርጉም ሥራ የሚሠራ ወጣት ሁለት ወር ሙሉ ከሠራ በኋላ ኩባንያው መልስ መስጠት አቆመ። በውሉ ላይ ክርክር የሚታየው በአሜሪካ በዴላዌር ፍርድ ቤት ነው ተብሎ ተጽፏል። ለጠበቃ የሚወጣው ከዕዳው ስለሚበልጥ ልጁ ተወው።

ስለዚህ እኛ የምንመክረው ይህን ነው፦ በፍርድ ቤት ሳይሆን በክፍያው ቀን እንጠበቅ። ልጃችን፣ «በየ14 ቀኑ እንድጠይቅ፣ በ7 ቀን ውስጥ እንዲከፈለኝ» ብላ ጻፈች፤ ተስማሙ። አሁን ቢበዛ የሦስት ሳምንት፣ ማለት 675 ዶላር ገደማ ነው በሰው እጅ ያለው። አንድ ክፍያ ከቀኑ ካለፈ በትሕትና አስታውሳ፣ ሥራውን አቁማ ትጠብቃለች። ይህንንም በውሉ ውስጥ አስገብታዋለች።

ሦስተኛው የውሉ መቋረጥ ነው። ረቂቁ «ኩባንያው በማንኛውም ጊዜ ሊያቋርጥ ይችላል» ይል ነበር። እሷ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ጠየቀች፤ አልተቀበሉም፤ በ14 ቀን ተስማሙ። «ለሌላ ሰው አትሠሪም» የሚለውን ግን አስወጥታዋለች። ሠራተኛ አይደለሽም የተባለ ሰው፣ ለሌላ አትሥሪ መባሉ ተገቢ አይደለምና። በዚህም ምክንያት ከፍሪላንስ ደንበኞቿ አንዱን እስከ ዛሬ አልለቀቀችም። ውሉ ነገ ቢቋረጥ ከባዶ አትነሣም።

ያቺ የጠየቁ እናት መልሳቸው እንግዲህ ይኸው ነው፦ ቢከለክሏት የምትከሰው የለም ማለት ይቀላል፤ ግን ብዙ እንዳይከለክሏት አድርጋ ልትፈርም ትችላለች።

የውል ረቂቅ የደረሳችሁ ልጆች ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይዛችሁ ኑ። ይህችው ልጃችን እየተገኘች አብራ ልታነብላችሁ ቃል ገብታለች።