ከጡረታ በኋላ ስለሚጀመር ሥራ፦ የአንድ ደገኛ መምህር ሂሳብ



ዛሬ የምናገረው እኔንም ስለሚመለከተኝ ጉዳይ ነው። ሃምሳዎቹን ይዤአለሁ፤ ስድሳ ሲሞላኝ እሰናበታለሁ። የዕቅዱ መነሻ ቀኑን ማወቅ ነው። ጡረታ የሚቆጠረው መጀመሪያ ስንቀጠር ባስመዘገብነው ዕድሜ በመሆኑ፣ የግል ማህደራችንን ዛሬውኑ አስወጥተን ብናይ ይበጀናል።

ቀጥሎ ሂሳቡ ይመጣል። በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 መሠረት፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታሰባል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በ22 ዓመቱ ተቀጥሮ 38 ዓመት ያስተማረ መምህር እንውሰድ። 30 በመቶው ላይ የ28 ዓመቱ 35 በመቶ ሲደመር 65 በመቶ ይሆናል። ይህ ግን የመጨረሻው ደመወዝ 65 በመቶ አይደለም፤ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ መምህሩ ሁለቱን ዓመታት በወር 9,000፣ የመጨረሻውን ዓመት 12,000 ብር ቢያገኝ አማካዩ 10,000 ነው፤ አበሉም 6,500 ብር ይሆናል። ይህ ከመጨረሻ ደመወዙ ግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ጭማሪው ከመሰናበቻው ጥቂት ቀደም ብሎ ከመጣ፣ ልዩነቱ የሚሰፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ሌላም ነገር አለ። የዕድሜ ልክ አበል የሚያገኝ ሰው በስንብቱ ዕለት በአንድ ጊዜ የሚከፈለው መነሻ ገንዘብ የለም። ዳረጎት የሚባለው አሥር ዓመት ሳይሞላው ለሚወጣ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ሥራ በጡረታ ገንዘብ እጀምራለሁ ማለት አይሠራም፤ ሥራው መተከል ያለበት ደመወዙ ሳይቋረጥ ነው። እኔ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ መጀመርን እመክራለሁ።

ምን ዓይነት ሥራ? አብዛኛው ጡረተኛ መምህር መጀመሪያ የሚያስበው በግል ትምህርት ቤት ማስተማርን ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ ያስኬዳል፤ እንደ ትክል ድንጋይ ባለ ከተማ ግን በሩ ጠባብ ነው። እኔ የማመዛዝነው ንብ ማነብን ነው፤ ሰፊ መሬት አይፈልግም፣ ቅዳሜና እሁድም ይበቃዋል።

ከአምስት ቀፎ እንነሳ። በመጀመሪያው ዓመት ማር አይታሰብ፤ አዲስ ቀፎ የገባ መንጋ ጉልበቱን የሚያውለው ሰፈፍ በመሥራት ላይ ነው። ደገኛው ዋና ምርት የሚመጣው ከአደይ አበባ በኋላ፣ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ነው። በባህላዊ ቀፎ አምስት ኪሎ አካባቢ፣ ፍሬም ባለው ዘመናዊ ቀፎ በደህና ዓመት አሥራ አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ ይገኛል። ዋጋውን ከእኔ አትጠብቁ፤ ኅዳር ላይ ቅዳሜ ገበያ ወርዳችሁ ጠይቁ። ያንን በአሥራ ሁለት ወር አካፍሉትና ከጎደለው ደመወዝ ጋር አስተያዩት። ማሩ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ሲመጣ የቤቱ ወጪ ግን በየወሩ ነው፤ በእኔ ግምት ብዙ ጡረተኛ የሚቸገረው በዚህ ነው።

ሥራው የሚበላሸው በአብዛኛው በክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ንቧ ዝናብ ስለሚይዛት አትወጣም፤ በኅዳር ማሩ ሁሉ ተሟጦ ተወስዶባት ከሆነ ትራባለች። ቀፎውን ከኋላው ትንሽ ከፍ ሲያደርጉት ከቀለለ፣ ወይም ነጫጭ እጭ በር ላይ ተጥሎ ከታየ፣ ረሀብ ገብቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ የስኳር ውኃ፣ በሶ ወይም ሽሮ ይሰጣል፤ ካልተሰጣት ቀፎውን ጥላ ትሄዳለች። ምላሷን ያወጣች ብዙ የሞተች ንብ በበሩ ፊት ከተገኘች ግን የምንጠረጥረው የተረጨ መድኃኒትን ነው። ለዚህ ያለው መላ ከጎረቤት ገበሬ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው፤ የሚረጭበትን ቀን ካሳወቀ፣ ርጭቱም ወደ ማታ ከሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል። በዚያ ቀበሌ ልጆቹን ያስተማረ ሰው ይህን ለመለመን አይቸገርም፤ የመምህርነት ትርፉ እዚህ ላይ ይታያል።

ስለ ቀፎው ዓይነት ባልደረቦቼ ከእኔ ጋር አይስማሙም። ዘመናዊው የበለጠ ይሰጣል፤ ነገር ግን የሰም ማተሚያና የማር ማጣሪያ ይፈልጋል፣ ማር የሞላው የላይኛው ሣጥንም ለስድሳ አምስት ዓመት ወገብ ከባድ ነው። ለጡረተኛ እኔ የምመርጠው የሽግግር ቀፎን ነው። በአካባቢው እንጨትና ጭቃ ይሠራል፤ ማሩም ሣጥን ሳይነሳ፣ አንድ አንድ ሰፈፍ እየተመዘዘ ይቆረጣል። ምርቱ ከዘመናዊው ያነሰ ነው፤ ሰባ ዓመት ሲሞላችሁም ግን ራሳችሁ ልትከፍቱት ትችላላችሁ።